ምዕራፍ ሰባት፦ የሚመዛዘን ማጠቃለያ

ልጅ ለማሳደግ ከሥራ የወጣች የቀድሞ ቴለር ሲቪዋን እንዴት ትጀምራለች?

ማጠቃለያ የሚባለው ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ በሲቪ አናት ላይ የሚሰፍር ከሦስት እስከ አምስት መስመር ያለው አንቀጽ ነው። ትምህርቱ፣ የሥራ ልምዱና ሥልጠናው በዝርዝር የሚመጡት ከእሱ በኋላ ነው። ሥራ ሳያቋርጥ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ለሚዛወር ሰው ይህ አንቀጽ ብዙም አያስጨንቅም። ዝርዝሩ ራሱ ይናገርለታልና ቢቀርም የሚጎድል ነገር የለም። ለዓመታት ልጆቿን ስታሳድግ ለቆየች ሴት ግን ሁኔታው ይለያል። ዝርዝሩ ብቻውን ከተነበበ በመጀመሪያ የሚታየው የመጨረሻው ሥራ ያበቃበት ዓመት ነው፤ አንባቢውም ከዚያ ዓመት እስከ ዛሬ ያለውን ጊዜ በልቡ ይቆጥራል። ማጠቃለያው የሚጻፈው ይህ ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት መልሱን ለማቅረብ ነው።

በምዕራፍ ሁለት እንደታየው ማመልከቻዎችን መጀመሪያ የሚያይ የሰው ኃይል ሠራተኛ ከፊቱ ብዙ ወረቀት ተከምሮበት ይሠራል። በአንድ እጁ ማስታወቂያው አለ። በማስታወቂያው ላይ የተጠየቀውን የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድና የሥራ መደብ ከሲቪው ጋር ያስተያያል፤ የማይገጥመውን ወደ ጎን ያደርጋል። ሲቪውን እስከ መጨረሻው የሚያነበው ለቀጣዩ ዙር ያስቀረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ የቀድሞ የባንክ ቴለር የሆነች ሴት ማጠቃለያዋን እንዴት ብትጽፍ ጥያቄ ሳያስነሳ ይነበባል?

የመሳቢያው ሒሳብ

መልሱ ቴለሯ ራሷ በየቀኑ ትሠራው ከነበረው ሥራ ውስጥ ይገኛል። ቴለር በመስኮት ተቀምጦ ከደንበኛ ገንዘብ የሚቀበልና ለደንበኛ የሚከፍል የባንክ ሠራተኛ ነው። ጠዋት ከዋናው ገንዘብ ያዥ የተወሰነ ብር ቆጥሮ ይረከብና ይፈርማል። ቀኑን ሙሉ ገቢ ይቀበላል፣ ወጪ ይከፍላል። ማታ በመሳቢያው ውስጥ ያለውን ጥሬ ገንዘብ በየኖቱ ዓይነት ለይቶ ይቆጥርና ሲስተሙ ከሚያሳየው ጋር ያመሳክራል። ጠዋት 200,000 ብር ተረክቦ 640,000 ብር ገቢ ከተቀበለና 590,000 ብር ከከፈለ፣ መሳቢያው ውስጥ መገኘት ያለበት 250,000 ብር ነው። ልክ ይህ ሲገኝ ሒሳቡ ተመዛዘነ ይባላል፤ ቴለሩም አስረክቦ ይወጣል።

247,000 ብር ብቻ ከተገኘ 3,000 ብር ጎድሏል ማለት ነው። ከባንክ ሥራ ውጭ ያለ ሰው የሚያስበው ይህን ጉድለት ብቻ ነው። ቴለር የሆነ ሰው ግን ሌላም ነገር ያውቃል፤ 253,000 ብር ቢገኝም ቀኑ አልተዘጋም። ትርፍም እንደ ጉድለት ይመዘገባል፣ ምክንያቱም ይፈለጋል። አንድ ደንበኛ ሊከፈለው ከሚገባው 3,000 ብር አንሶበት ይሆናል፣ ወይም አንድ ገቢ ሲስተም ውስጥ ሳይገባ ቀርቷል። በሁለቱም አቅጣጫ ተቆጣጣሪውን የሚያሳስበው ለልዩነቱ ማብራሪያ አለመኖሩ ነው። ደረሰኙ ተገኝቶ ስህተቱ ሲታወቅ ነገሩ ያበቃል።

ወደ ሥራ የምትመለስ ሴት የምትጽፈው ማጠቃለያም በዚሁ መንገድ ይመዘናል። ይዛው የወጣችው ልምድ አለ፣ በመካከል ያለፉት ዓመታት አሉ፣ ዛሬ ልታስረክብ የምትችለው ችሎታ አለ። ሦስቱ ሲደመሩ መግጠም አለባቸው። ዓመታቱን ዝም ብሎ ማለፍ ጉድለት ይፈጥራል። ያልነበረ ማዕረግና ያልተሠራ የሥራ ዘመን መጨመር ደግሞ ትርፍ ይፈጥራል። ከሁለቱ የሚብሰው ትርፉ ነው። ጉድለት ጥያቄ ያስነሳል፤ ትርፍ ግን ገንዘብ ለሚያስረክብ አሠሪ ስለ እምነት መጥፎ ምልክት ይሰጣል።

ከመስኮቱ ጀርባ ምን ነበረ?

የመጀመሪያው ሥራ ይዛው የወጣችውን በትክክል ማስፈር ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ “በባንክ የረጅም ጊዜ ልምድ ያላት” ብለው ያልፋሉ። ይህ ሐረግ ለጥበቃ ሠራተኛም ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅም እኩል ይሆናል፤ ስለዚህ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። የቴለር ሥራ ግን በዝርዝር ሲታይ ሀብታም ነው። ገቢና ወጪ ማስተናገድ አለ። ቼክ ሲቀርብ ፊርማውን ከናሙናው ጋር ማስተያየት፣ ቀኑን ማየት፣ በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው መጠን መግጠሙን ማረጋገጥ አለ። ሲፒኦ ማዘጋጀት፣ ከውጭ የተላከ ሐዋላ መክፈል፣ ፎርጅድ ብር መለየት፣ የደንበኛን መታወቂያ ማጣራት፣ ማታ ሒሳብ ማመዛዘን አለ። ከእነዚህ ሁሉ ለማጠቃለያ የሚመረጡት ማስታወቂያው የሚጠይቃቸው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። የቀሩት ምዕራፍ አራት ላይ በተገለጸው የሥራ ልምድ ዝርዝር ውስጥ ቦታ አላቸው።

ቁጥር ቢገባ አንቀጹ ይጠነክራል፤ ግን ቁጥሩ የሚታመን መሆን አለበት። ከስምንት ዓመት በኋላ በቀን ስንት ደንበኛ ይስተናገድ እንደነበር በትክክል የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በሒሳብ መቅረብ ይቻላል። መስኮቱ ለደንበኛ ክፍት የነበረው በቀን ሰባት ሰዓት ያህል ነው ቢባል 420 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ተራ ገቢ ወይም ወጪ፣ ቆጠራውና ፊርማው ተጨምሮ፣ በአማካይ አራት ደቂቃ ከወሰደ ውጤቱ 105 ደንበኛ ነው። ስለዚህ “በቀን 100 ገደማ” የሚለው አገላለጽ ልከኛ ነው። 400 ብሎ መጻፍ ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ብቻ መድረሱን ያመለክታል። ባንክ የሠራ አንባቢ ይህን በቅጽበት ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

“ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይጎድልብኝ” የሚለው ዓረፍተ ነገርም በዚህ ምክንያት መቅረት አለበት። እውነት ቢሆን እንኳ የሚያረጋግጠው ወረቀት የለም፤ ቴለር የነበረ አንባቢም ትንንሽ ልዩነቶች በሁሉም ላይ እንደሚደርሱ ያውቃል። የምስጋና ደብዳቤ ካለ ግን እሱን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ሊታይ የሚችል ነገር ነውና።

የአገልግሎት ዘመኑን ስትቆጥር አንዲት እናት በገዛ እጇ የምትቀንሰው ጊዜም አለ። በሥራ ላይ እያለች የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከሆነ የወሊድ ፈቃዱ የአገልግሎት ዘመን አካል ነው። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የኋለኛውን ወደ 90 ቀን አሳድጎታል። ፈቃድ ላይ የነበረች ሠራተኛ ከሥራ አልወጣችም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ከሥራ ልምዷ ልትቀንሰው አይገባም።

ያለፉት ዓመታት በአንድ ሐረግ

ሁለተኛው ሥራ መካከለኛውን ጊዜ መመዝገብ ነው። ለዚህ “ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቼን በማሳደግ ላይ ቆይቻለሁ” የሚል አንድ አጭር ሐረግ ይበቃል። ዓመቱ ተነግሯል፣ ምክንያቱ ተነግሯል፣ ምዝገባው አልቋል። የልጆቹ ቁጥር፣ ዕድሜያቸው፣ የጤናቸው ሁኔታ፣ የሞግዚት ችግር፣ የባል ሥራ፣ እነዚህ ሁሉ የማጠቃለያ ጉዳይ አይደሉም። ሐረጉ በረዘመ ቁጥር አንባቢው ትኩረቱን ከችሎታዋ ላይ አንሥቶ ወደ ቤቷ ያዞራል።

ይቅርታ መጠየቅም እዚህ ቦታ የለውም። “ከሥራ ርቄ ብቆይም ዕድሉ ቢሰጠኝ” የሚለው አጻጻፍ በብዙ ማመልከቻዎች ላይ ይታያል። ትሕትናው ከልብ እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ግን የአንባቢውን ጥርጣሬ አስቀድሞ ያጸድቅለታል። ልጅ ማሳደግ ጥፋት አይደለምና ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ምክርም ይሰማል። እናትነትን እንደ ሥራ መደብ ቆጥሮ “የቤተሰብ ሥራ አስኪያጅ፣ የበጀት ዕቅድ አውጪ” ብሎ መጻፍ ነው። ይህ መቅረት አለበት። የእናትነት ሥራ ክቡርነቱና ድካሙ እውነት ነው፤ ሆኖም አሠሪው ሊያመሳክረው የሚችል መዝገብ የለውም። የማዕረግ ስም ሲለጠፍበት ደግሞ በሲቪው ውስጥ ያሉት እውነተኛ ማዕረጎችም ዋጋቸው ይቀንሳል። በመሳቢያው ቋንቋ ይህ ትርፍ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የተሠራና መዝገብ ያለው ነገር ሲኖር ግን ሁኔታው ይለወጣል። ባንክ የሠራች ሴት በሰፈሯ ብዙ ጊዜ ገንዘብ እንድትይዝ ትመረጣለች። የእቁብ ጸሐፊ፣ የዕድር ገንዘብ ያዥ፣ በልጆቿ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሒሳብ ተቆጣጣሪ፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ትሆናለች። ከእነዚህ በተለይ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ክብደት አለው። የተመዘገበ ድርጅት ነው፤ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ሒሳቡ ይመረመራል፣ በማኅተሙ ደብዳቤ ይጽፋል። ክፍያ ስለሌለው ሥራ አይባልም ብለው የሚተዉት አሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ያልተከፈለበት መሆኑን በግልጽ እየጠቀሱ መጻፍ ይቻላል፤ አሠሪው የሚፈልገው ገንዘብና መዝገብ በቅርብ ጊዜ በእጇ ማለፉን ማወቅ ነው።

ከ2009 ወዲህ መስኮቱ ላይ የተለወጠው

ሦስተኛው ክፍል ዛሬ የምታስረክበው ነው፤ እዚህ ላይ የአሠሪው እውነተኛ ሥጋት መታወቅ አለበት። አሠሪው የሚፈራው ገንዘብ መቁጠር ረስታለች ብሎ አይደለም። ዓለሙ ጥሏት ሄዷል ብሎ ነው፤ ሥጋቱም መሠረት አለው። በ2009 ዓ.ም. መስኮት ላይ የነበረች ቴለር የቆጠረችው ትልቁ ኖት 100 ብር ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀየሩ፣ ባለ 200 ብር ኖትም ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። የፎርጅድ መለያ ምልክቶችም አብረው ተለወጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ቀድሞ ሰልፍ ይዞ ይከናወን የነበረው የገንዘብ ዝውውር አሁን በአብዛኛው በስልክ ያልቃል። ደንበኛን ለማወቅም ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ በባንኮች እየተጠየቀ መጥቷል።

ያልተለወጠውም ብዙ ነው። ፊርማ ማመሳከር፣ በሁለት ሰው ማረጋገጥ፣ ማታ ማመዛዘን እንደ ድሮው ናቸው። ባንኮች የሚጠቀሙባቸው ሲስተሞችም፣ ቲ24ም ሆነ ፍሌክስኪዩብ፣ በእነዚያ ዓመታት ሥራ ላይ ነበሩ። በአንዱ የሠራች ሴት ስሙን ብትጠቅስ ጥሩ ነው፤ እትሙ ቢቀየርም የአሠራሩ መሠረት ቅርብ ነውና።

ማጠቃለያው ይህን ሁሉ መተረክ አይችልም። የሚችለው ዕውቀቷ መታደሱን በአንድ ማስረጃ ማሳየት ነው። የሁለት ወር የፒችትሪና የኤክሴል ሥልጠና ከቅርብ ጊዜ ሰርተፊኬት ጋር ለዚህ በቂ ነው፤ የማኅበሩን መዋጮ በባንክ የሞባይል መተግበሪያ መሰብሰብም እንዲሁ። ዋናው የማስረጃው ዓመት ለዛሬ ቅርብ መሆኑ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተወሰደ የኮምፒውተር ሥልጠና በማጠቃለያ ውስጥ ቢገባ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው።

አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው

ለማሳያ የሚሆን አንድ ሁኔታ ይወሰድ። አንዲት ሴት በአካውንቲንግ ዲግሪ ተመርቃ ከጥቅምት 2003 እስከ ሰኔ 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ በቴለርነት ሠርታለች። ሁለተኛ ልጇ ሲወለድ ሥራ ለቀቀች። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ 85 አባላት ባሉት የሰፈር የቁጠባና ብድር ማኅበር ያለ ክፍያ ገንዘብ ያዥ ናት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የፒችትሪ ሥልጠና ወሰደች። በሚያዝያ 2017 አንድ ባንክ ለደንበኞች አገልግሎት መኮንንነት ያወጣውን ማስታወቂያ አይታ ልታመለክት ነው። መጀመሪያ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦

“ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሥራ ወዳድ፣ በግልም ሆነ በቡድን መሥራት የምችል ነኝ። በባንክ ሥራ በቂ ልምድ አለኝ። በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ርቄ ብቆይም ዕድሉ ቢሰጠኝ የተሰጠኝን ኃላፊነት በብቃት ለመወጣት ዝግጁ ነኝ።”

ይህን አንቀጽ ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ሌላ አመልካች አንድም ቃል ሳይለውጥ ሊወስደው ይችል እንደሆነ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ማንም ሊወስደው ይችላል። ታማኝነት ራስን በማመስገን አይታወቅም፤ ስድስት ዓመት ገንዘብ እየተረከበች ማስረከቧ ይበልጥ ይናገራል። “በቂ ልምድ” ስንት ዓመት እንደሆነ፣ “የተወሰነ ጊዜ” ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ይህ ማጠቃለያ ሁለት ጉድለት አለው ማለት ነው፤ አንባቢውም ሁለቱን ለመሙላት ወደ ታች ወርዶ ራሱ መቁጠር ይኖርበታል።

ምክር ሰምታ ለሁለተኛ ጊዜ የጻፈችው ደግሞ እንዲህ ሆነ፦

“የ14 ዓመት የፋይናንስ ልምድ ያለኝ ባለሙያ ነኝ። በባንክ፣ በማይክሮ ፋይናንስና በቤተሰብ በጀት አስተዳደር የዳበረ ዕውቀት አለኝ። በቀን ከ400 በላይ ደንበኞችን አስተናግዳለሁ።”

እዚህ ላይ ጉድለቱ ሁሉ ተሞልቷል፤ የተሞላው ግን በሌለ ገንዘብ ነው። ከ14ቱ ዓመት ወደ ስምንት የሚጠጋው በቤት ያለፈ ነው። የሰፈር ማኅበሩ ማይክሮ ፋይናንስ ተብሏል። 400ው በሒሳብ አይቆምም። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ሲቀርብ ከስድስት ዓመት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ይላል፤ ልዩነቱም በፈታኙ ጠረጴዛ ላይ ይታያል። ከማስታወቂያው ጋር ሲመሳከር ለማለፍ የሚያስፈልጋት ልምድ ነበራት፤ የጨመረችው ነገር አላስፈላጊ አደጋ ነው።

ሦስተኛው ጽሑፍ ሲመዛዘን ይህን ይመስላል፦

“በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለኝ፣ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ከጥቅምት 2003 እስከ ሰኔ 2009 ዓ.ም. በቴለርነት የሠራሁ ነኝ። በቀን 100 ገደማ ደንበኞችን አስተናግድ፣ ቼክና ሐዋላ አረጋግጬ እከፍል፣ ዕለታዊ ሒሳብ አመዛዝን ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ሳሳድግ ቆይቻለሁ፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ 85 አባላት ያሉት የቁጠባና ብድር ማኅበር የበጎ ፈቃድ ገንዘብ ያዥ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. የፒችትሪ ሥልጠና ወስጃለሁ። በደንበኞች አገልግሎት መኮንንነት በሙሉ ሰዓት ለመሥራት አመለክታለሁ።”

አንቀጹ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ልጅ ማሳደጉ በሦስተኛው ውስጥ ገብቶ ሳይጎላ ሳይደበቅም አለፈ። ቦታው ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ከፊቱ የባንኩ ልምድ አለ፣ ከኋላው የማኅበሩ ሥራ ተከትሏል። አንባቢው ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ሁለት ነገር አስቀድሞ ያውቃል፣ ወዲያውም ሦስተኛ ያገኛል። “በሙሉ ሰዓት” የሚለው ቃልም ያለ ምክንያት አልገባም። ብዙ አሠሪዎች ከእናቶች ጋር ሲገናኙ የሚያስቡትን፣ ግን በቀጥታ የማይጠይቁትን ጥያቄ ይመልሳል። መግባት ያለበት ግን እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ግማሽ ቀን ብቻ መሥራት የምትችል ሴት ይህን ጽፋ ብትቀጠር ችግሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይወጣል።

በማጠቃለያው ውስጥ የሌለውም ልብ ሊባል ይገባል። የባንኩ ደንበኞች ስም የለም፣ በቅርንጫፉ ካዝና ስንት ብር ያድር እንደነበር የለም፣ የቁልፍ አያያዝ ሥርዓት የለም። የባንክ ሠራተኛ ሥራ ከለቀቀም በኋላ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ይህን የሚጥስ ሲቪ ልምድ ያሳያል ብሎ የተጻፈ ቢሆንም፣ ባንክ ውስጥ ያለ አንባቢ የሚያነበው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው።

ባንክ ላልሆነ አሠሪ

ባንኮች ለቴለር መደብ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት አዲስ ምሩቃንን ነው፤ ስለዚህ የቀድሞ ቴለር በሌላ በር ብትሞክር ዕድሏ ሊሰፋ ይችላል። የግል ሆስፒታል ካሸር፣ የትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ፣ የሱፐርማርኬት ዋና ካሸር፣ የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉም ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስረክብ ሰው ይፈልጋሉ። ልምዱ አንድ ነው፤ የሚጎላው ግን ይለያያል።

ለሆስፒታል ካሸርነት ሐዋላና ሲፒኦ ጥቅም የላቸውም። በምትኩ ሰልፍ ላይ ያለና የተጨነቀ ሰውን በትዕግሥት ማስተናገድ፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ቆጥሮ ማስረከብ ይመረጣል። ከላይ ያለው ማጠቃለያ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገሩ ተለውጦ “በቀን 100 ገደማ ደንበኞችን አስተናግድ፣ ገቢና ወጪ በደረሰኝ መዝግቤ በቀኑ መጨረሻ ቆጥሬ አስረክብ ነበር” ይላል፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም የካሸርነት መደቡን ይጠራል። ሌላው እንዳለ ይቀራል። አንድ ማጠቃለያ ለሃያ መሥሪያ ቤት አባዝቶ ማስገባት ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ለባንክ መኮንንነት የተጻፈ አንቀጽ ሆስፒታል ሲደርስ አመልካቿ ማስታወቂያውን እንዳላነበበች ይናገራል።

ስምንት ዓመት አሥራ ስድስት ሲሆን

በዚህ ጉዳይ ከሚከሠቱ ስህተቶች ሁሉ ብዙ የሚያስከፍለውና ቶሎ የማይታየው የዘመን አቆጣጠር ነው። ብዙ ባንኮችና ድርጅቶች ሲቪ በእንግሊዝኛ ይቀበላሉ። አመልካቿ ከአማርኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ “2003–2009” የሚለውን ገልብጣ በእንግሊዝኛው ሲቪ ውስጥ ብታስገባው፣ አንባቢው ቁጥሩን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይወስደዋል። ማመልከቻው የተነበበው በአውሮፓ 2025 ከሆነ፣ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋው ክፍተት በአንድ ጊዜ 16 ዓመት ይሆናል። ሰኔ 2009 ዓ.ም. በአውሮፓ ሰኔ 2017 ነው፤ ጥቅምት 2003 ዓ.ም. ደግሞ ጥቅምት 2010 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሆነ በጅምላ ሰባት ወይም ስምንት መደመርም ያሳስታል። ወሩን አይቶ መመንዘር ያስፈልጋል። ዲግሪው በአንዱ አቆጣጠር፣ ሥራው በሌላው ከተጻፈ ደግሞ ከመመረቋ በፊት የተቀጠረች ሊያስመስላት ይችላል። በአንድ ሲቪ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ፣ የአቆጣጠሩ ምልክትም ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን ላይ መገኘት አለበት።

ከማስገባት በፊት

ማጠቃለያው ካለቀ በኋላ ከወረቀቶቹ ጋር ይመሳከራል። የተቀጠረችበትና የለቀቀችበት ቀን ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ደብዳቤው “ገንዘብ ከፋይና ተቀባይ” የሚል ከሆነ ማጠቃለያው “ቴለር” ብሎ በዝርዝሩ ውስጥ ግን የደብዳቤውን ስም መጥቀስ ይገባዋል። የለቀቀችው በክሊራንስ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀትም አብሮ ቢዘጋጅ ይበጃል፤ ገንዘብ ለሚያስረክብ አሠሪ ከዚህ የበለጠ የሚያረጋጋ ሰነድ የለም። ደብዳቤው ከጠፋ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት እንደገና መጠየቅ ይቻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ቅርንጫፉ ቢዘጋ ወይም ቢዛወር የሠራተኛው ማኅደር የሚገኘው በባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ነው። ከማኅበሩ ደግሞ ሥራው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ያለ ክፍያ መሆኑን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት አጭር ደብዳቤ ይበቃል። ይህ ደብዳቤ በሰብሳቢው ፊርማ ሲወጣ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ቢጠየቅ ይሻላል።